በአንዲት ኮከብ የተጨመረ 12.8 ሚሊዮን ብር

(ድሬዳዋ ውስጥ ለጀማሪ የሂሳብና የዳታ ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ማራገቢያው ድምፄን እየዋጠው ከሆነ ከኋላ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እጠጋላችኋለሁ እንጂ አጥፉት አልልም። በዚህ ሙቀት ማራገቢያ የሚያስጠፋ ተናጋሪ ድሬ ላይ ሁለተኛ አይጋበዝም።

የማወራላችሁ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ስለተገኘ ስህተት ነው። ድርጅቱን አልጠራም። ከጅቡቲ የሚገባ ዘይት፣ ሩዝ፣ ፓስታና ሳሙና ተቀብሎ ለድሬ፣ ለሐረርና ለጅግጅጋ ነጋዴዎች ያከፋፍላል፤ እንዲህ ያለ ድርጅት እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ በዚያን ጊዜ ሂሳባቸውን ከውጭ ሆኜ የማይ ሰው ነበርኩ። ስህተቱን ያገኘችው ልጅ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። ቁጥሮቹን ድርጅቱ እንዳይታወቅ ነካክቻቸዋለሁ፤ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና ግን እንደነበረ ነው።

ጊዜው የ2017 በጀት ዓመት አንደኛ ሩብ ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017። ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ለማናጀመንት የቀረበው የሽያጭ ድምር 111.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት 91 ሚሊዮን ስለነበር ዕድገቱ 22 በመቶ ሆነ። ስብሰባው ላይ ፊት ሁሉ በራ። ምክንያትም አልጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሄደ ሁላችሁም በኪሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ላይ ድርጅቱ በዚያው ሐምሌ ሦስት አዳዲስ መጋዘኖች ከፍቷል። አንድ ሰው ጳጉሜንም ጨመረበት፤ አንደኛው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስላለበት ረጅም ነው አለ። ረጅም መሆኑ እውነት ነው። ግን የሚወዳደረው ካለፈው ዓመት አንደኛ ሩብ ዓመት ጋር ነው፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፣ የ2016ቷ 5። ስለዚህ ዘንድሮ እንዲያውም በአንድ ቀን አጠረ። ይህን ያለ ሰው ግን አልነበረም። ቁጥር ደስ ሲያሰኝ ምክንያቱን ማንም አይመረምርም፤ ቁጥሩ ቢያሽቆለቁል ኖሮ ያን ፋይል ሦስት ሰው በዚያው ቀን ይገለብጠው ነበር።

ልጅቷ ከተቀጠረች መንፈቅ አልሞላትም። ሥራዋም የሚያኮራ አልነበረም። የሪፖርቱ ሰንጠረዥ የመጨረሻ ዓምድ ‹‹ማብራሪያ›› ይላል። ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ የጨመረ ወይም የቀነሰ መጋዘን ካለ፣ ለምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያ ይጻፍበታል። ብዙዎቻችን ይህን ዓምድ እንዴት እንደምንሞላው ልንገራችሁ? ያለፈውን ሩብ ዓመት ማብራሪያ ገልብጠን እንለጥፋለን። እሷም መጀመሪያ ‹‹በዋጋ መጨመር ምክንያት›› ብላ ጽፋ ነበር።

ከዚያ ግን ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ስታየው አንድ ነገር አልገባ አላት። መጋዘኖቹ በኮድ ነው የሚጠሩት፤ ከDD-1 እስከ DD-9 ነባሮቹ ናቸው፣ DD-10፣ DD-11 እና DD-12 አዲሶቹ። ከነባሮቹ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚራ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለው DD-1። ካለፈው ዓመት 14.6 ሚሊዮን ተነስቶ 27 ሚሊዮን ገብቷል፤ 85 በመቶ ጭማሪ። ቀሪዎቹ ስምንቱ ነባሮች ግን ተደምረው ከ76.4 ወደ 71.4 ሚሊዮን ወርደዋል። ዋጋ ከጨመረ ለሁሉም ነው የጨመረው። ሁሉም የሚሸጠው አንድ ዓይነት ዘይት፣ አንድ ዓይነት ሩዝ ነው። ለሁሉም እኩል የደረሰ ነገር የአንዱን ብቻ መወፈር እንዴት ያብራራል?

ልብ በሉልኝ፣ እስካሁን ስህተት አላገኘችም። ያገኘችው መጻፍ ያቃታት ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ባጃጅ ይዛ ከዚራ ወረደች። የDD-1ን ስቶር ኪፐር አንዳንዶቻችሁ ብታዩት ታውቁት ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የኖረ፣ በጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ከሰዓት በርጫውን የማይተው ሰው ነው። ‹‹ጋሼ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ሽያጫችሁ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው፤ ምን ተገኝቶ ነው?›› አለችው። ‹‹የማን ሽያጭ?›› አለ። ‹‹የእናንተ፣ የDD-1››። ሳቀ። ‹‹አቦ፣ ልጄ፣ ዕቃ የሚወጣው በዚህች በር ነው። እጥፍ ሸጣችሁ ካላችሁኝ ዕቃው በየት ወጣ? ደንበኛማ ወደ ሳቢያን እየሄደ ነው፣ አዲሱ ይቀርበዋል።››

ቢን ካርዱን አውጥቶ አሳያት። ቢን ካርድ የማታውቁ ካላችሁ፣ በእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው፤ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚል ዓምድ አለው፣ በእስክሪብቶ ይሞላል። የአምስት ሊትር ዘይቱን ወጪ ደመረች። ባለፈው ዓመት በሦስቱ ወር 5,200 ካርቶን ወጥቷል፤ ዘንድሮ 4,450። ዋጋው ቢጨምርም ካርቶኑ ቀንሷል። ከዚህ ካርድ ተነስቶ 27 ሚሊዮን ብር ላይ የሚደረስበት መንገድ የለም።

ለእኔ የሥራው ግማሽ እዚያ በር ላይ አልቋል። ቢን ካርዱ ከሽያጭ ሲስተሙም ሆነ ከኤክሴል ፋይሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አንድን ቁጥር ከራሱ ፋይል ውስጥ በወጣ ሌላ ቁጥር መፈተሽ የትም አያደርስም፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ስለሚጠጡ አብረው ይሳሳታሉ። በብር የተጻፈን ነገር በካርቶን መጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

ቢሮ ተመልሳ ሪፖርቱን አልነካችም። ከሽያጭ ሲስተሙ የወጣውን ጥሬ ዳታ ከፈተች፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሽያጭ ነው፣ A ዓምድ ላይ የመጋዘን ኮድ፣ D ዓምድ ላይ የብር መጠን። በዚህ ላይ ማንም ያላዘጋጀላትን አዲስ ፒቮት ቴብል ሠራች፤ ኮዱ በረድፍ፣ ብሩ በድምር። ሁለት ነገር ታያት። አንደኛ፣ ጠቅላላ ድምሩ 98.4 ሚሊዮን ነው እንጂ 111.2 አይደለም። ሁለተኛ፣ DD-1ን ጨምሮ የአንዳንድ ነባር መጋዘኖች ኮድ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ የDD-1 አንዱ 13.1 ሚሊዮን፣ አንዱ 1.1 ሚሊዮን። ሲያዩዋቸው ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ሁለተኛውን ለጊዜው አቆየችው፤ በኋላ ቁልፉ እሱ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ድምር 14.2 ሚሊዮን ነው። ከስቶር ኪፐሩ ካርድ ጋርም የሚስማማ ቁጥር ይህ ነው።

አሁን በእጇ ያለው ልዩነት ነው፤ 111.2 ሲቀነስ 98.4፣ እስከ ብሩ ሲጻፍ 12,814,350። በሂሳብ ሥራ ያደጋችሁ የድሮዎቹ ኦዲተሮች ልዩነት ሲያገኙ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። በ9 ያካፍሉታል። ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ከተጻፉ፣ 54 መሆን ያለበት 45 ከሆነ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ በ9 ይካፈላል። ይህኛው አይካፈልም፤ አሃዞቹን ደምሩ፣ 24 ይመጣል። ስለዚህ አሃዝ የማለዋወጥ ስህተት አይመስልም። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ይህ ልዩነት ራሱ የሆነ ነገር ድምር ይሆን ወይ የሚለው ነው። ፒቮቱ ላይ ወደ ታች ወረደች። DD-10፣ 6,120,400። DD-11፣ 4,391,750። DD-12፣ 2,302,200። ስትደምራቸው 12,814,350፤ አንድ ብር አልጎደለም፣ አንድ ብር አልተረፈም።

ይህን ጊዜ ነው የሪፖርቱን ፋይል ከፍታ የDD-1 ድምር ያለበትን ሴል የተጫነችው። እንዲህ ይላል፦

```
=SUMIFS(D:D,A:A,F2&"*")
```

F2 ላይ DD-1 የሚል ተጽፏል። ፎርሙላው የሚለው፣ በA ዓምድ ላይ ኮዱ ከF2 ጋር የሚገጥመውን ረድፍ ሁሉ ፈልግና በD ዓምድ ያለውን ብር ደምርልኝ ነው። ችግሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ኮከብ ናት። በSUMIFS ማጣሪያ ውስጥ ኮከብ ማለት ‹‹ከዚህ በኋላ ምንም ይምጣ፣ ምንም አይምጣ፣ ተቀበል›› ማለት ነው። ‹‹ከነቤተሰብዎ›› ተብሎ የተጻፈ የሠርግ ጥሪ በሉት። DD-1 ተጠርቶ DD-10፣ DD-11 እና DD-12 አብረውት ገቡ፤ ሁሉም ስማቸው በDD-1 ይጀምራላ። በየራሳቸውም መስመር ደግሞ ተቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁላችሁም ‹‹ይህችን ኮከብ የጨመረው ማን ነው?›› ማለት ትወዳላችሁ። ድርጅቱም ያንኑ ነው የጠየቀው። የጨመረው ቀድሞ የለቀቀ ሠራተኛ ነው፣ ያውም በምክንያት። ፒቮቱ ላይ DD-1 ሁለት ጊዜ ተጽፎ እንደነበር አስታውሱ። ከመሸጫ መስኮቶቹ በአንዳንዱ ኮዱ ከዝርዝር አይመረጥም፣ በእጅ ይጻፋል፤ ሲጻፍም መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይገባል። ለዓይን ልዩነት የለውም። ለኤክሴል ግን ባዶ ቦታም ምልክት ነው፤ ‹‹DD-1›› እና ‹‹DD-1 ›› ለእሱ ሁለት የተለያዩ ኮዶች ናቸው። ሰውዬው ያለ ኮከብ ሲደምር ባዶ ቦታ ያለባቸው ረድፎች እየተዘለሉ ድምሩ ይጎድልበት ነበር። ኮከቧን ጨመረ፣ ድምሩ ሞላ፣ ሥራው አለቀ። በዚያን ቀን ፎርሙላው ትክክል ነበር። በቀጣዮቹ ሩብ ዓመታትም ትክክል ነበር። DD-1 ብሎ ጀምሮ ሌላ ቁጥር የሚያስከትል ኮድ በድርጅቱ ውስጥ ስላልነበረ፣ ‹‹ከነቤተሰብዎ›› ቢባልም ቤተሰብ አልነበረውም።

ስህተቱ የተወለደው ሐምሌ ላይ ነው፣ የንግድ ክፍሉ አሥረኛውን መጋዘን ሲከፍት። ያን ዕለት የኤክሴል ፋይሉን የነካ ሰው የለም። ፎርሙላው ያው የድሮው ነው። ብዙ ሰው ስህተት ሲፈልግ በቅርቡ የተቀየረው ምንድን ነው ብሎ ፎርሙላዎቹን ያገላብጣል። እዚህ የተቀየረው ዳታው ነው። ማጣሪያ ማለት ስትጽፉት ባያችሁት ዳታ ላይ የተሞከረ ነገር ነው፤ ያላያችሁት ዓይነት ኮድ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አልሞከራችሁትም። DD-20 የሚከፈት ቀን ደግሞ DD-2 በዚያው መንገድ ይወፍር ነበር።

ታዲያ እንዴት አልተያዘም? ሰንጠረዡ ታች ‹‹ጠቅላላ›› የሚል መስመር አለው። እሱ ግን ከበላዩ ያሉትን አሥራ ሁለት ሴሎች ነው የሚደምረው። ሴሎቹ ከተሳሳቱ ጠቅላላውም እነሱን ተከትሎ ይሳሳታል፤ ሁልጊዜ ይስማማል፣ ምንም ግን አይፈትሽም። የሂሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር በሆነው ፒችትሪ ላይ የተመዘገበው ሽያጭ 98.4 ነበር፤ ሂሳብ ክፍሉ ግን ወሩን ዘግቶ የሚያስረክበው ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ነው። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት ይቻላል፣ ለዛሬ ግን ልተወው።

ያልነበረው መፈተሻ ይህ ነው፦

```
=SUM(D:D)-SUM(G2:G13)
```

የመጀመሪያው ክፍል ያለ ምንም ማጣሪያ የጥሬ ዳታውን ብር በሙሉ ይደምራል። ሁለተኛው በማጣሪያ የተከፋፈለውን ይደምራል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተቆጠረ ውጤቱ ዜሮ ነው። እሷ ስትጽፈው የመጣው ከዜሮ በታች 12,814,350 ነበር። ከዜሮ በታች ሲሆን የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ከዜሮ በላይ ሲሆን የሆነ ነገር ተዘሏል። ምልክቱ ራሱ የት አቅጣጫ እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ D ዓምድ ሥር ሲስተሙ የራሱን የድምር መስመር አብሮ የሚያወጣ ከሆነ መጀመሪያ አስወግዱት፤ አለበለዚያ ጥሬው ራሱ እጥፍ ይሆናል።

ኮከቧን መደምሰስ ቀላል ይመስላል። ደመሰሰቻት። DD-1 ከ27 ወደ 13.1 ሚሊዮን ወረደ፤ ትክክለኛው 14.2 ግን አይደለም። ጠቅላላውም 92.6 ሆነ፣ መፈተሻው ሴል ደግሞ 5.8 ሚሊዮን ከዜሮ በላይ አሳየ። ባዶ ቦታ ያለባቸው የDD-1ም የሌሎቹ ነባሮችም ረድፎች ተዘለሉ። አያችሁ፣ ኮከቧ መድኃኒት ነበረች፤ በሽታው ሳይነካ መድኃኒቱን ብቻ ብታነሱ በሽታው ይመለሳል። መፈተሻውን ሴል ቀድማ ባትጽፈው ኖሮ 22 በመቶ ያለውን ሪፖርት አንስታ 2 በመቶ የማይሞላ ሪፖርት ይዛ ትገባ ነበር፣ እሱም ሐሰት። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ራሱን አጸዳች፤ E ዓምድ ላይ የጸዳ ኮድ፣ ከዚያ ያለ ኮከብ ድምር፦

```
E2:  =TRIM(A2)
G2:  =SUMIFS(D:D,E:E,F2)
```

መፈተሻው ዜሮ ሆነ። ድምሩ 98.4። በጎን ልንገራችሁ፣ TRIM ሁሉንም ባዶ ቦታ አያነሳም። ከድረ ገጽ ተገልብጦ የመጣ ጽሑፍ አንዳንዴ የማይሰበር የሚባል ሌላ ዓይነት ባዶ ቦታ ይይዛል፣ በኤክሴል CHAR(160) ነው፤ ያንን በSUBSTITUTE ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። የእሷ ዳታ ያ አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው እኔን ይበልጥ የገረመኝ። ወዲያው ወደ ኃላፊዋ አልሮጠችም። ‹‹ያለፉትስ?›› ብላ የቀድሞ ሩብ ዓመታትን ፋይሎች ከፍታ ያንኑ መፈተሻ ሴል በእያንዳንዱ ላይ ጻፈች። ሁሉም ዜሮ። ስለዚህ ስህተቱ የዚህ ሩብ ዓመት ብቻ ነው፣ 91 ሚሊዮኑም ትክክለኛ መነሻ ነው። ቀጥላ ያ ፎርሙላ የተገለበጠበት ሌላ ፋይል ፈለገች፤ የየመጋዘኑ ወጪ ሪፖርት ላይ ያችው ኮከብ ተገኘች። እዚያም የDD-1 ወጪ ከሚገባው በላይ አብጧል። ይህንን ሁሉ በአንድ ገጽ አስፍራ ነው የገባችው፤ የድሮው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ፎርሙላው፣ ሦስቱ መጋዘኖች ከነድምራቸው፣ ያለፉት ሩብ ዓመታት ያልተነኩ መሆናቸው፣ የወጪ ሪፖርቱም መታረም እንዳለበት።

ኃላፊዋ መጀመሪያ ያለው ‹‹ሪፖርቱ ወጥቷል እኮ›› ነው። እውነቱን ነው፣ ወጥቷል። ቦርዱ ሰምቶታል። ግን ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ጥሩ ነበር፤ ‹‹ለባንኩ የሚሄደው የብድር ደብዳቤ ሄዷል?›› አልሄደም። ያ ደብዳቤ 22 በመቶውን ጠቅሶ ለአሥራ ሦስተኛ መጋዘን ገንዘብ ይጠይቃል። ያን ዕለት ቆመ። የተስተካከለው ሪፖርት ሲወጣም በድሮው ፋይል ላይ ዝም ብሎ አልተለጠፈም፤ የድሮውና አዲሱ ቁጥር ጎን ለጎን፣ ምክንያቱ በሁለት መስመር። በዝምታ ቢቀየር ኖሮ የድሮውን ያተመ ሰውና አዲሱን ያተመ ሰው አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይጣሉ ነበር።

አሁን ቁጥሩ ምን እንደቀየረ እንይ፤ ‹‹12.8 ሚሊዮን ተቀነሰ›› ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ድርጅቱ በዚያ ዓመት መሸጫ ዋጋውን በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሽያጭ በብር 22 በመቶ ካደገ፣ ዋጋውን ስታወጡለት የተሸጠው ዕቃ ብዛት በ6 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ትክክለኛው ዕድገት ግን 8 በመቶ ነው። ዋጋውን ስታወጡለት የዕቃው ብዛት በ6 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ ኮከቧ ያደረገችው ትልቁን ቁጥር ትንሽ ማሳበጥ አይደለም፤ እየቀነሰ ያለን ንግድ እያደገ አስመስላለች።

ይብሳል። ከ98.4 ላይ የአዲሶቹን ሦስት 12.8 ብታወጡ ነባሮቹ ዘጠኝ 85.6 ነው የሸጡት፤ ያለፈው ዓመት 91 ነበሩ። በብር እንኳ ወርደዋል፣ ዋጋ ጨምሮም። አዲሶቹ ሳቢያን፣ መልካ ጀብዱ በኩልና ወደ ሐረር መውጫ ነው የተከፈቱት። ያ ስቶር ኪፐር ‹‹ደንበኛ ወደ ሳቢያን እየሄደ ነው›› ያለው ይኼው ነው። አዲስ ደንበኛ የመጣው ጥቂት ነው፤ የነበረው ደንበኛ ነው በሌላ በር የገባው። ይህንን የሚያሳየውን መስመር፣ የDD-1ን መውረድ፣ ኮከቧ ሸፍናው ነበር፤ ያውም ሽያጩን በወሰዱበት መጋዘኖች ቁጥር። አሥራ ሦስተኛው መጋዘን እስካሁን አልተከፈተም።

መፈተሻው ዜሮ ሲሆን ደግሞ ተኝታችሁ እንዳታድሩ። ዜሮ የሚለው ረድፎቹ አንድ ጊዜ ተቆጥረዋል ነው። የሳቢያን ሽያጭ በስህተት በDD-9 ኮድ ቢመዘገብ ድምሩ ዜሮ ነው፣ ክፍፍሉ ግን ሐሰት ነው። ሽያጩና ተመላሹ ተቃራኒ ሆነው እኩል ብር ያላቸው ሁለት ረድፎች አብረው ቢዘለሉም ዜሮ ነው። ለሁለተኛው እሷ የረድፍ ቆጠራ ጨመረችበት፤ በማጣሪያ የተቆጠሩት ረድፎች ከጥሬው ረድፎች ጋር እኩል ናቸው ወይ የሚል። ለመጀመሪያው ከቢን ካርድ ሌላ መድኃኒት እኔም አላውቅም።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከአዳራሹ፦ ‹‹ከኤክሴል ወጥተን ወደ ዳታቤዝ ብንገባ ይህ አይገጥመንም አይደል?››)

ይገጥማችኋል። ልብሱን ቀይሮ ነው የሚመጣው፦

```sql
WHERE code LIKE 'DD-1%'
```

እዚህ የኮከቧን ሥራ የሚሠራው የመቶኛ ምልክቱ ነው። DD-10ንም ያመጣላችኋል። ከዚህ የሚከፋው የታች ሰረዙ ነው፤ በLIKE ውስጥ ‹‹_›› ማለት ማንኛውም አንድ ምልክት ማለት ስለሆነ፣ ኮዳችሁ DD_1 ዓይነት ከሆነ ራሱ ኮዱ ሳታውቁት ማጣሪያ ይሆናል።

(ከአዳራሹ፦ ‹‹እኛ ጋ ከተማው በአማርኛ ነው የሚጻፈው። አንዱ ሐረር፣ አንዱ ሀረር ብሎ ይጽፋል። እኔ ‹?ረር› ብዬ ነው የማጣራው። ጥፋት ነው?››)

ዛሬ ጥፋት አይደለም። የጥያቄ ምልክቱ አንድ ፊደል ብቻ ስለሚቀበል ከኮከብ ይሻላል፤ ኃረር የሚልም ቢመጣ ይይዝላችኋል። ግን ድሬዳዋን ምን ልታደርጊው ነው? አንዱ ድሬዳዋ ይላል፣ አንዱ ድሬ ዳዋ፣ አንዱ ድሬ ብቻ። ‹‹ድሬ*›› ልትይ ነው። ነገ ደግሞ በድሬ የሚጀምር ሌላ ስም ይመጣል፣ እንደ DD-10። እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ ለብቻው አንድ ሺት እከፍትና በግራ ዓምድ ሰዎች የጻፉትን አጻጻፍ ሁሉ እንዳለ አሰፍራለሁ፣ በቀኝ ዓምድ አንድ ኮድ። ሐረርም ሀረርም HR። ሪፖርቱ የሚያጣራው በኮዱ ብቻ ነው፣ ያለ ኮከብ፣ ያለ ጥያቄ ምልክት። ነገ አንድ ሰው እኔ ያላየሁትን አጻጻፍ ይዞ ሲመጣ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማይገኝ ረድፉ ይዘለላል፤ መፈተሻው ሴል ከዜሮ በላይ ይወጣል፤ ሄጄ እጨምረዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ሁለቴ ነው።